ድምፅን በድምፅ ማጥፋት

እ.ኤ.አ. በ1978 አማር ቦዝ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን አላሰማ አለው። መፍትሔውን እዚያው በጉዞ ላይ ማስላት ጀመረ።

ድምፅ የአየር ግፊት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። በጆሮ ማዳመጫው ላይ ያለው ማይክሮፎን የሞተሩን ጉምጉምታ ይቀበላል፤ መሣሪያው ደግሞ ተቃራኒውን ሞገድ ያሰማል፤ ግፊቱ ሲጨምር ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ዘዴው የሚሠምረው ለወፍራምና ለማያቋርጥ ድምፅ ነው። የሕፃን ለቅሶ ግን ቀጭንና ተለዋዋጭ ስለሆነ በከፊል ያመልጣል።

አንዳንዶች ማጥፊያውን ሲከፍቱ ጆሯቸው የተደፈነ ይመስላቸዋል። ሆኖም የጆሮው የአየር ግፊት አልተለወጠም። በሰፊው የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው፦ አውሮፕላን ሲነሣ ወይም ሲያርፍ የጆሮ ታምቡር በግፊት ልዩነት ሲወጠር ወፍራም ድምፆች ይደክማሉ። አሁንም እነዚሁ ድምፆች ብቻ ሲጠፉ አእምሮ ግፊት የተለወጠ ይመስለዋል። ስሜቱ ከከበደ የማጥፊያውን ኃይል መቀነስ ይረዳል።

ስስ የ“ሽሽሽ” ድምፅ ግን በእርግጥ አለ። ማይክሮፎኖቹና ማጉያው የራሳቸውን ጥቂት ጫጫታ ያመነጫሉ። አውሮፕላን ውስጥ ይሸፈናል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ይሰማል። ለመለየት ሙዚቃውን አቁመው ማጥፊያውን ይዝጉ፤ ሽሽታው አብሮ ከቆመ ምንጩ እሱ ነው።