ጥቁረቱም ብር ነው

በማተብ የሚንጠለጠል የብር መስቀል ጥቂት ወራት መሳቢያ ውስጥ ከከረመ መልኩ ይለወጣል። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይይዛል፤ ከዚያ ቡናማ፣ አንዳንዴም ሰማያዊና ሐምራዊ ይሆንና መጨረሻ ላይ ይጠቁራል። ብዙ ሰው እንደ ብረት የዛገ ይመስለዋል። ብርን የሚያጠቁረው ግን ድኝ ያለበት ጋዝ፣ በተለይም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። በአየር ውስጥ ያለው መጠን አፍንጫ የማይለየው ቢሆን እንኳ ለብር ይበቃዋል። የድኝ ሽታ ባለው ፍልውሃ ቀለበቱን ሳያወልቅ የገባ ሰው ደግሞ ወራት መጠበቅ አያስፈልገውም።

ጋዙ ብሩን ሲነካ ላዩ ላይ ሲልቨር ሰልፋይድ የተባለ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። የዚህ ጥቁር ሽፋን 87 በመቶው ክብደት ራሱ ብር ነው። ጥቁረቱን ፈግፍጎ ያነሳ ሰው እንግዲህ ከጌጡ ላይ ብር አንስቶ ጥሏል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን አይታወቅም። በየወሩ ሲደጋገም ግን በመስቀሉ ላይ የተቀረጸው ሐረግ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ለዚህ ነው የጥርስ ሳሙና ለብር የማይመከረው። ጥርስን እንዲፈትግ የሚጨመርበት ዱቄት ብዙውን ጊዜ ሲሊካ ነው፤ ብር ደግሞ ለስላሳ ማዕድን በመሆኑ በቀላሉ ይጫራል። ለድስት የሚሆነው አመድም አሸዋ አያጣውም። ከሁሉ የከፋው በረኪና ነው፤ ብሩን ያጠቁረዋል፣ ቆይቶም ላዩን ይቦረቡረዋል።

በአገራችን ብዙ የቆዩ መስቀሎች የተሠሩት አንጥረኞች የማርትሬዛን ብር አቅልጠው ነው። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ 83 በመቶ ገደማ ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ዛሬ 925 የሚል ማኅተም ያለበት ጌጥ ግን 92.5 በመቶ ብር አለው። መዳቡ ሲበዛ ጌጡ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ላብ የሚያገኘው ቦታ ላይም አረንጓዴ ነገር ሊወጣበት ይችላል።

እንዲህ ያለው መስቀል በቀጭን ሽቦ የተጠለፈ ከሆነ አጸዳዱ ይህን ይመስላል። ማተቡ ይፈታል። በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርና መስቀሉ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይነከራል። የራስ ቅቤና የሰውነት ቅባት የሚለቀው እዚህ ላይ ነው፤ ጠቆረ የተባለው ጌጥ ቅባት ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። በሽቦዎቹ መካከል ያለው እድፍ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ሳይጫኑ ይነካካል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይደርቃል። ሲወለወል እጅ ባይዞር ይሻላል፤ በአንድ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ከክብ ጭረት ያነሰ ለዓይን ይታያል። ቢጫ ደረጃ ላይ ለደረሰ ጌጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በጣም ለጠቆረው ደግሞ ብሩን ሳይፈገፍጉ የሚመልስ መንገድ አለ። ሳህን ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አብረቅራቂ ጎኑ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ይነጠፋል፤ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ ይቀመጥና ግማሽ ሊትር ሙቅ ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይፈስበታል። አሉሚኒየሙ ድኙን ከብሩ ላይ ስለሚያስለቅቀው ብሩ በቦታው ይቀራል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ሥራው ጀምሯል ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በደንብ ይታጠባል።

ይህ መንገድ ግን ጥቁረትን ከጥቁረት አይለይም። አንጥረኛው ቅርጹ ጎልቶ እንዲታይ ሆን ብሎ በስርጓዱ ውስጥ የተወውን ጥላም ይወስደዋል፤ ያኔ ያረጀው መስቀል አዲስና ባዶ መስሎ ይወጣል። ዕንቁ፣ አምበር ወይም በሙጫ የተያያዘ ፈርጥ ያለበት ጌጥ ፈጽሞ ሙቅ ሶዳ ውስጥ መግባት የለበትም። በጠርዙ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ብረት ብቅ ያለበት ጌጥ በብር የተለበጠ ብቻ ስለሚሆን ማንኛውም ፍትጊያ ልባጡን ይጨርሰዋል።

ማስቀመጫው ላይ ጥቂት መጠንቀቅ ብዙ ጽዳት ያስቀራል። ጌጡ በደንብ ከደረቀ በኋላ አየሩ በወጣለት ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ለየብቻ ይቀመጣል፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢትም አብሮ ቢገባ ጥሩ ነው። ሱፍ ጨርቅና በላስቲክ ማሰር ግን አይሆንም፤ ሁለቱም ድኝ አላቸው። ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ትቶ ይሄዳል።