በማን ሰዓት? በየትኛው ቀን መቁጠሪያ?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ አቀና። ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ ተሳፍረው የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። አውሮፕላኑ መሬት የለቀቀው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? አዲስ አበባ ላይ የተጠየቀ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ይላል። የናይሮቢ ሰው የሰዓት ቀጠናው ከእኛ ጋር አንድ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ 8 ሰዓት ከ38 ብሎ ይመልሳል። ዋሽንግተን ላይ እሁድ ገብቶ ከእኩለ ሌሊት 38 ደቂቃ አልፏል። አውሮፕላኑ በተሠራበት በሲያትል አካባቢ ደግሞ ገና ቅዳሜ፣ ማርች 9፣ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 9 ከ38 ነው። አራቱም እውነት ተናግረዋል።

በዚያው ሌሊት አሜሪካ ውስጥ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላኑ ከተነሣ አንድ ሰዓት ከ22 ደቂቃ በኋላ፣ ልክ ሌሊቱ 2 ሰዓት ሲሞላ፣ ሰዓቱ ወደ 3 ዘለለ። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ጋር የነበረው ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰባት። ስለዚህ እሁድ ረፋድ ላይ ሰባት ሰዓት ቀንሶ የመነሻውን ደቂቃ ያሰላ የዋሽንግተን ሰው ሌሊት 1 ሰዓት ከ38 የሚል መልስ ያገኛል፤ እሱም ስሕተት ነው።

የአቪዬሽን ሰዎች ይህን ችግር የሚያልፉት ሁሉም የሚስማማበትን አንድ ሰዓት በመያዝ ነው። ያ ሰዓት ዩቲሲ ይባላል፤ አብራሪዎች ዙሉ ይሉታል። የሀገር ሰዓት ወደ ፊት ተገፋ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እሱ አይለወጥም። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። የአደጋው ምርመራ ሪፖርትም የመነሻውን ሰዓት በዩቲሲ 05:38 ብሎ አስፍሮታል። በኮምፒውተር ሲጻፍ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩና ቀኑ ይከተላሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ዙሉ መሆኑን ይናገራል፦

```
2019-03-10T05:38Z
```

ዓመቱ ከፊት መቅደሙ ትልቅ ጥቅም አለው። ያንኑ ቀን በእኛ አቆጣጠር በቁጥር ብቻ 1/7/2011 ብለን ብንጽፈው አሜሪካዊው ጃንዋሪ 7 ቀን 2011፣ እንግሊዛዊው ደግሞ ጁላይ 1 ቀን 2011 ብሎ ያነበዋል። ሁለቱም አንዳች ጥርጣሬ አይገባቸውም፤ ክፋቱም እሱ ነው። አደጋው ከመድረሱ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው ሳለ ወረቀቱ ላይ ስሕተት መኖሩን የሚጠቁም ነገር አያገኙም። የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ማመልከት ይህን በአንድ ጊዜ ይዘጋዋል።

ምስክር ሲመጣ ግን ዩቲሲ ብቻውን አይበቃም፤ ምስክር በዙሉ አይናገርምና። አንድ ገበሬ «ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ከባድ ድምፅ ሰማሁ» ይላል እንበል። አስተርጓሚው ቃል በቃል ወስዶ 2:45 ብሎ ቢያሰፍረው የውጭ አንባቢ ወይ ውድቅት ሌሊት ወይ ከሰዓት በኋላ አድርጎ ይረዳዋል። ራሱ ምስክሩ ፈረንጅ ፊት መሆኑን አስቦ አስቀድሞ ቀይሮት «ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ» ካለ ደግሞ አስተርጓሚው እንደገና ሊቀይረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠዋቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ይሆናል። ከዚህ የሚያድነው በሰዓት የማይታሰር አንድ ጥያቄ ነው፦ ፀሐይ ወጥታ ነበር? ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ አልቆ ነበር? በእኛ ሀገር ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት በክረምትም በበጋም እምብዛም ስለማይለያይ ይህ ጥያቄ አያሳስትም።

መዝገቡ ላይ የምስክሩን ቃል እንዳለ መተው ይገባል። የተቀየረው ሰዓት በቅንፍ ይገባል፣ ቀያሪው ማን እንደሆነ ይገለጻል፣ ግምቱም ግምት ሆኖ ይቆያል። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ ገደማ [በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 8፡45 ገደማ፣ የአስተርጓሚው ስሌት]» ማለት በቂ ነው። «ገደማ» የሚለውን ቃል መጣል ምስክሩ ያላለውን ማስባል ነው። በኋላ ከሰነድ ጋር የአምስት ደቂቃ ልዩነት ሲገኝ ውሸታም የሚባለው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌሊት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ ብዙ ጊዜ የዋለውን ቀን ተከትሎ እስኪነጋ ይሄዳል። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው «ጥር 6 ቀን 2012 ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወሰዱኝ» ቢል የትኛው ሌሊት ነው? አማርኛ ለዚህ ያለው መንገድ እንከን የለውም፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ»። ሁለቱ ቀኖች ስለተጠሩ የሚሳሳት አይኖርም። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገርም ሁለቱ ቀኖች አብረው መሻገር አለባቸው።

ይኸው ምሳሌ ሌላ ወጥመድም አለበት። በአብዛኛው ዓመት ጥር 6 የሚውለው ጃንዋሪ 14 ላይ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም አንድ ቀን ይገፋል። 2011 ዘመነ ሉቃስ ነበር። ስለዚህ የ2012 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ ጥር 6 ደግሞ ጃንዋሪ 15 ቀን 2020፣ ረቡዕ ሆነ። በልማድ የቀየረ ሰው ጃንዋሪ 14 ብሎ ይጽፋል፤ እሱ ማክሰኞ ነው። እዚህ ላይ የሚያድነው የቀኑ ስም ነው። ወርና ዓመት ቢለያዩም ሰባቱ ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ናቸው፤ የእኛ ረቡዕ የእነሱም ረቡዕ ነው። ምስክሩ ረቡዕ ብሎ የተቀየረው ቀን ማክሰኞ ላይ ካረፈ፣ ስሌቱ ወይም ትዝታው ላይ አንድ ነገር ተዛብቷልና ተመልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀኑን የማያስታውስ ሰው «መስከረም ውስጥ ነው» ብቻ ቢልስ? ብዙ ቅጾች ላይ ይህ በቀጥታ ሴፕቴምበር ተብሎ ይሞላል። የ2011 መስከረም ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2018 ነበር፤ ሴፕቴምበር ብሎ መሙላት ሲሶውን ያህል ይቆርጥና ያልነበሩ አሥር ቀኖችን ይጨምራል። ሰውዬው ያወቀው ወሩን ብቻ ከሆነ የሚጻፈው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው። ቅጹ ቦታ ባይሰጥ እንኳ ጠርዙ ላይ መጻፍ ይቻላል።

ለውጭ ሀገር ፍርድ ቤት፣ ለኤምባሲ ወይም ለስደተኞች መሥሪያ ቤት ቃል የምትሰጡና የምታስተረጉሙ ሁሉ፣ ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈው ቀን ከምን ቀን ጋር እንደሚገጥም፣ ማለትም ሰኞ ወይም ማክሰኞ መሆኑን፣ አስነብባችሁ ስሙ። ካልገጠመ አትፈርሙ።