«መስት ኦቭ ጎን» ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ «ሺ ሹድ ሃቭ ጎን» ማለት መሄድ ነበረባት፣ ግን አልሄደችም ነው፤ «ሺ መስት ሃቭ ጎን» ደግሞ ሳትሄድ አልቀረችም የሚል ግምት ነው። በሁለቱም ረዳት ግሡን «ሃቭ»፣ ከዚያም የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ይከተላል፤ ባለቤቷ «ሺ» ብትሆንም «ሃዝ» አይገባም።

በፈጣን ንግግር «ሃቭ» የ«ሀ» ድምፁን አጥቶ «አቭ» ብቻ ይሆናል። መስተዋድዱ «ኦቭ»ም ላላ ብሎ ሲነገር የሚሰማው እንዲሁ ነው። ስህተቱ የጆሮ ነውና አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎችም «ዴይ መስት ኦቭ ጎን» ብለው ይጽፋሉ። ለማጣራት ረዳት ግሡን አውጥቶ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ማድረግ ይበቃል፦ «ሃቭ ዴይ ጎን?» ያስኬዳል፤ «ኦቭ ዴይ ጎን?» የሚል ግን የለም።