ቀይና አረንጓዴን ለማይለይ ዓይን ልብስና ቤት ስለ ማሰናዳት

ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ሰው ዓለሙን ሁሉ ጥቁርና ነጭ አድርጎ የሚያይ የሚመስለን ብዙዎች ነን፡፡ ነገሩ እንዲህ አይደለም፡፡ በዓይናችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚቀበሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፡፡ ከእነዚህ ቀዩን ወይም አረንጓዴውን የሚቀበለው ሲጎድል ወይም ጠባዩ ወደ ጎረቤቱ ሲጠጋ፣ ቀይና አረንጓዴ ይምታታሉ፤ ሰማያዊና ቢጫ ግን እንደ ተለያዩ ይቀራሉ፤ ፈዛዛውና ጠቆር ያለውም አይጠፋም፡፡ የምንለው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው፡፡

የአንድ ጓደኛችንን ሣጥን እንመልከት፡፡ በውስጡ ቡኒ ሱሪና ጥቁር አረንጓዴ ሱሪ፣ ሰማያዊ ሸሚዝና ወይን ጠጅ ሸሚዝ አሉ፡፡ ሁለቱ ሱሪዎች ለእርሱ አንድ ናቸው፡፡ ሸሚዞቹም እንዲሁ፤ ወይን ጠጅ ማለት ቀይ የገባበት ሰማያዊ ስለሆነ፣ ቀዩ ሲከዳው የሚቀረው ሰማያዊው ብቻ ነው፡፡ መፍትሔው አንድ ቀን ብቻ ይፈጃል፡፡ ቀለም የሚለይ ሰው በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በየልብሱ ውስጠኛ ስፌት ላይ በክር ቋጠሮ ያብጅለት፤ ለቡኒው አንድ፣ ለአረንጓዴው ሁለት፣ ለወይን ጠጁ ሦስት፡፡ ቋጠሮ ከእጥበት አይለቅም፣ በጣትም በጨለማ ይነበባል፡፡ ከዚያ ወዲያ ጓደኛችን ጧት ጧት «ይህ ምን ቀለም ነው?» ብሎ መለመን አያሻውም፡፡ (እኛም «ይኼስ? ያኛውስ?» እያልን እንደ ሕፃን መፈተናችንን ብንተው ደግ ነበር፡፡)

ወደ ቤቱ ስንመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፡፡ እኅት ወይም እናት በአረንጓዴ ሶፋ ላይ ቀይ ትራስ ደርድረው ሳሎኑ አማረ ይላሉ፡፡ የሁለቱ ድምቀት እኩል ከሆነ ግን ለልጁ ትራሱ ከሶፋው ጋር ይዋሐዳል፡፡ ይህን ለማወቅ ሶፋውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው፡፡ ትራሱ ከግራጫው ውስጥ ከጠፋ፣ ፈዘዝ ያለ ወይም ቢጫ ትራስ ይተካ፡፡ ፈተናው ግን ፍጹም አይደለም፡፡ ቀይ የሚቀበለው ሕዋስ የጎደለው ሰው ቀይን ፎቶው ከሚያሳየው ይልቅ አጥቁሮ ስለሚያይ፣ ጥቁር ቀይ መጋረጃ ከጥቁር እንጨት አጠገብ መስቀል አይረባም፡፡

በነጠላ ጥለትም ነገሩ ይኸው ነው፡፡ ቀይና አረንጓዴ ክር ተጎራብተው ሲሸመኑ ጌጡ ይደበዝዝበታል፤ በመካከላቸው አንድ መሥመር ቢጫ ወይም ነጭ ቢገባ ግን ጥለቱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፡፡ በሰንደቅ ዓላማችንም ቢጫው መካከል መግባቱ አረንጓዴውን ከቀዩ ይለይለታል፡፡

ቀለም ይመልሳሉ ተብለው የሚሸጡ ባለቀለም መነጽሮች አሉ፡፡ አንዳንዱን ቀለም ከሌላው አራርቀው ያሳዩ ይሆናል እንጂ የጎደለውን ሕዋስ አይተኩም፤ ሌላውን ቀለም ደግሞ ያበላሹበታል፡፡ የሚገዛ ሰው ካለ አስቀድሞ በገዛ ሸሚዞቹ ላይ በቀን ብርሃን ይሞክራቸው፡፡