ጥርን ያለ አረቄ፦ የ30ኛው ቀን ማስታወሻ

ጥር በእኛ አገር መጠጥ ለማቆም የሚመረጥ ወር አይደለም። ጥምቀት አለ፣ ቃና ዘገሊላ አለ፣ አስተርዮ ማርያም አለ፣ ሰርጉ ደግሞ በየመንደሩ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ብየዳ የሚሠራ አንድ የማውቀው ልጅ ግን ልክ ጥር 1 አቆመና በየማታው ደብተር ላይ መጻፍ ጀመረ። ስሙ እንዳይወጣ ተስማምተን የመጨረሻውን ገጽ ሰጠኝ።

«ጥር 30፣ ማርቆስ። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ተኛሁ፣ 11 ሰዓት ላይ ዶሮ ቀሰቀሰኝ። ሰባት ሰዓት ሙሉ! ድሮ 3 ሰዓት ላይ እንደ ድንጋይ እወድቅና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ እባንናለሁ። እጄ አሁን አይንቀጠቀጥም፣ ብየዳዬ ቀጥ ብሏል። ድብርቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። 12 ሰዓት ላይ በሩን ስዘጋ እግሬ አሁንም ብቻውን ወደዚያ ቤት ይታጠፋል።»

ከእንቅልፉ እንጀምር። ብዙ ሰው «አረቄ ያስተኛል» ይላል፤ ግማሹ እውነት ነው። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል፣ ቶሎም ያስተኛል። ጉበት ግን ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ያስወግደዋል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አእምሮ ደግሞ ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ንቁ አድርጎ ይለማመዳል። ስለዚህ መጠጡ ከደም ሲያልቅ ንቃቱ ብቻ ይቀራል፦ ላብ፣ የልብ ምት፣ መባነን። ልጁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳ የነበረው ለዚህ ነው።

ሲያቆም መጀመሪያ ባሰበት። የጥር 2 እና 3 ገጾች ላይ ጽሑፉ ራሱ የተንቀጠቀጠ ነው፣ ሁለት ሰዓት እንኳ በቅጡ አልተኛም። በጥር 9 ደግሞ በሕልሙ ሲጠጣ አድሮ እያዘነ ተነስቷል። አልኮል ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ስለሚያፍን፣ ሲቀር ያ እንቅልፍ በብዛት ይመለሳል፤ ሕልሙም እንደ እውነት ይጎላል። መጥፎ ምልክት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ልቁም። ይሄ ልጅ የሚጠጣው ማታ ብቻ ነበር። ጠዋት እጁ እንዲረጋ መለኪያ የሚያስፈልገው ሰው እሱን አይቶ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። ለእንዲህ ያለ ሰው መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ይሄ ይገድላል። እኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ ነገር ነው፤ ጸበሉ ይቀጥል፣ ሆስፒታል ግን በዚያው ሰዓት መድረስ አለበት። ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒት እየቀነሰ ይሰጣል፣ ቫይታሚን ቢ1 ም ይጨምራል፤ ሲጠጣ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ ያጥረዋልና።

ስለ ድብርቱ ጠይቄው ነበር። «ሁሉ ነገር ጨው የሌለው ወጥ ሆነብኝ» አለኝ። ደስታን በየማታው ከመለኪያ ሲቀበል የኖረ አእምሮ በትንሽ ነገር መደሰት እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ለአብዛኛው ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀላል። ከወር በኋላም እየከበደ ከሄደ ግን መጠጡ ሸፍኖት የቆየ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ፈተናው የመጣው ሁለቴ ነው። ጥር 21 ገጠር አክስቱ ዘንድ ሄደ። ጠላው ቀረበ፣ «አፈር ስሆን ቅመስ! ቤቴን ንቀህ ነው?» ተባለ። «አቁሜያለሁ» ቢል ክርክሩ አያልቅም፤ «መድኃኒት ላይ ነኝ» አለ፣ አክስቱም ወዲያው ብርዝ በጠበጡለት። (እኔም ይህችን መልስ ተጠቅሜባታለሁ፣ ውሸት ናት ግን ትሠራለች።) ብርዙ የዕለቱ መሆኑን ግን መጠየቅ ነው፤ ሲቆይ ይፈላል፣ ሲፈላ ወደ ጠጅ ይሄዳል።

ሁለተኛው ቡሬ ነው። ጥር 26 ላሜራ ሊገዛ ሄዶ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ተገናኘ። አረቄው ሲቀዳ ሽታው ብቻ ምራቁን አመጣው። ሰዓቱን አየ፣ «ላሜራው ይጫንልኝ» ብሎ ወጣ፣ በመንገድ ዳር ፓስታ አዝዞ በላ። ደብተሩ ላይ «ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆየና ለቀቀኝ» ብሏል። አምሮቱ እንደ ማዕበል ነው፣ ከፍ ይልና ይወርዳል፤ ረሃብ ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ አሁን 12 ሰዓት ሳይሞላ በልቶ ነው በሩን የሚዘጋው፣ ወደ ቤቱም በሌላ መንገድ ይዞራል።

የጥር 30 ገጽ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለች፦ «ነገ የካቲት 1፣ ልደታ። የጎረቤት ማኅበር አለ። ብርዝ ይዤ እሄዳለሁ።»