ከደበዘዘ ምስል ላይ ስድስት ቁጥር

አንበሳሜ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ባለፈው ሰሞን ደወለልኝና ገና ሰላምታችን ሳያልቅ «ወንድሜ፣ ፍላሹ አልከፈት አለኝ፤ ሰንጠረዡ ጠፋ» አለኝ። የደራ ወረዳን ከቀረው ደቡብ ጎንደር ጋር እያወዳደረ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፦ ከደራ ሕዝብ ከተማ ውስጥ የሚኖረው ምን ያህሉ ነው? ከሌሎቹ ወረዳዎች ጋር ሲተያይስ? ቁጥሮቹን ያገኘው ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። አሁን ከዚያ ሁሉ ሥራ የተረፈው ከወር በፊት በቴሌግራም የላከልኝ አንድ ስክሪንሾት ብቻ ነው።

የቆጠራው ሪፖርት ታትሟል፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ሲወርድ ፈልጎ ማመሳከሩ አይቀርም። እስከዚያ ድረስ ግን ሥራው መቆም የለበትም። ምስሉን ከፍቼ ሳየው ደስ ያለኝ ነገር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቁጥር በትክክል መነበቡንና አለመነበቡን የሚመሰክሩ ሌሎች ቁጥሮች እዚያው ምስሉ ላይ አሉ። ምስክሮቹን እንዴት እንደምንጠይቃቸው ላሳያችሁ።

ምስሉ ላይ የነበሩት ሁለት ረድፎች ናቸው፤ አንዱ ለደራ፣ አንዱ ለዞኑ። በየረድፉ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር፣ የከተማ ነዋሪ እና የከተማ ነዋሪው በመቶ ተጽፏል። በጠቅላላው አሥር ቁጥር መሆኑ ነው። ከአሥሩ ውስጥ ግን ሥር የሆኑት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ወንድ፣ ሴትና ከተማ፣ ለሁለቱም ረድፍ። ድምሩና በመቶው ከእነዚህ የተወለዱ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስህተት ይሠራል። «ድምሩን ኤክሴል ራሱ ይደምረዋል» ብሎ ስድስቱን ብቻ ይተይብና ድምሩን በፎርሙላ ያስገባል። እንዲህ ከሆነ ድምሩ ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል፤ የተሳሳተ ቁጥር ቢገባም የተሳሳተውን ደምሮ ያሳያልና። ስለዚህ አሥሩንም በምስሉ ላይ እንደሚታየው ተይቡ። አራቱ ውላጆች ለስሌት አይደሉም፤ ለምስክርነት ነው የሚቀመጡት።

```
   A           B        C        D        E       F
1  ቦታ          ወንድ      ሴት       ድምር      ከተማ     በመቶ
2  ደራ          126961   121503   248464   16772   6.75
3  ደቡብ ጎንደር   1041061  1010677  2051738  195619  9.53
```

ከጎን ባሉት ሁለት ባዶ ዓምዶች ውስጥ ደግሞ እነዚህን ሁለት ፎርሙላዎች አስገቡና ወደ ታችኛው ረድፍ ሳቡ፦

```
=B2+C2-D2
=ROUND(E2/D2*100,2)-F2
```

ሁለቱም ዜሮ ከሰጡ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተስማምተዋል ማለት ነው። ዜሮ ካልሰጡም ልዩነቱ ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይናገራል። ይህን ነው ልነግራችሁ የቸኮልኩት።

ከደበዘዘው እንጀምር። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፤ በፋይል መልክ የተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። ጓደኛዬ የላከው በፎቶ መልክ ስለነበር የደራ ሴቶች ቁጥር ጫፍ ላይ ያለችው አሃዝ 3 ትሁን 8 አትለይም ነበር። ምስሉን ማጉላት አልረዳም፤ ሲጎላ ብዥታውም አብሮ ይጎላል። የወንዶቹ 126,961 እና ድምሩ 248,464 ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። መጀመሪያ 8 አድርጌ ተየብኩት። የመጀመሪያው ፎርሙላ 5 አሳየ። 3 ሳደርገው ዜሮ ሆነ። ልብ በሉ፣ 8 ከ3 የሚበልጠው በ5 ነው። አንድ አሃዝ ብቻ ተሳስቶ ሲነበብ ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ አሃዝና ከኋላው ዜሮዎች ሆኖ ይመጣል። 5 ከሆነ ስህተቱ ከአንድ ቤት ነው፤ 500 ቢሆን ኖሮ ከመቶ ቤት ይሆን ነበር። ልዩነቱን አይታችሁ ዓይናችሁን በቀጥታ ወደዚያ ቤት መላክ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ የመጣው ስህተት የዓይን ሳይሆን የጣት ነበር። የወንዶቹን ቁጥር በድጋሚ ስተይብ በ126,961 ፈንታ 129,661 ብዬ ገባሁ። 6 እና 9 ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ፎርሙላው 2,700 አሳየ። ይህ አንድ አሃዝና ዜሮዎች አይደለም፤ ስለዚህ አንድ አሃዝ ብቻ የመሳሳት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ግን ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፦ 2,700 ሲካፈል ለ9፣ 300። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። 69ን 96 ብትሉት 3 የሚያህል ነገር በአሥር ቤት ጨመራችሁ፣ በአንድ ቤት ደግሞ ያንኑ 3 ቀነሳችሁ፤ 30 ሲቀነስ 3፣ 27። አሥር ሲቀነስ አንድ ዘጠኝ ስለሆነ 9 ከመሃል አይጠፋም።

የሂሳብ ሠራተኞች ይህን ዘዴ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከማካፈሉ በኋላ የሚገኘው 300 ነው። 3 የሚለው ቦታ የተለዋወጡት አሃዞች በ3 እንደሚበላለጡ ይነግረናል። ሁለቱ ዜሮዎች ደግሞ ለውጡ በመቶ ቤትና በሺህ ቤት መካከል እንደሆነ ይነግሩናል። አሁን በረድፉ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች እንፈትሽ። በሴቶቹ 121,503 ላይ የሺህ ቤቱ 1፣ የመቶ ቤቱ 5 ነው፤ በ4 ይበላለጣሉ። በድምሩ 248,464 ላይ 8 እና 4 ናቸው፤ እነሱም በ4። በወንዶቹ ላይ 9 እና 6፤ በ3። ስለዚህ ጥፋተኛው የወንዶቹ ቁጥር ነው። ምስሉን እንደገና ሳናይ ከልዩነቱ ብቻ ሴሉን፣ ቤቱንና አሃዞቹን አገኘን!

ይህ ግን ጥርጣሬ የሚጠቁም ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ተደምረውም ለ9 የሚካፈል ልዩነት ሊሰጡ ይችላሉ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ወንዶቹ ላይ 5 ጨምራችሁ ሴቶቹ ላይ 5 ብትቀንሱ ድምሩ ዝም ማለቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ሰው ነው። ከጓደኛዬ ጋር በስልክ እንዲህ አደረግን፦ እኔ የተየብኩትን ከስክሪኔ ላይ አነብባለሁ፣ እሱ ምስሉን ያያል። «መቶ ሃያ ስድስት ሺህ» እያልኩ አይደለም ያነበብኩት፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ ስድስት፣ አንድ» እያልኩ ነው። ቁጥሩን በሙሉ ስንጠራው ጆሮ የለመደውን ሰምቶ ያልፋል፤ አሃዝ በአሃዝ ሲሆን ግን ማለፊያ የለውም።

የከተማ ነዋሪው ቁጥር 16,772 ምስክሩ ሌላ ነው። ከወንድና ሴት ድምር ጋር አይገናኝም፤ የሚመሰክርለት 6.75 በመቶ የሚለው ብቻ ነው። የዚህ ምስክር ዓይን ደግሞ ትንሽ ደከም ይላል። 16,172 ብላችሁ ብትተይቡ በመቶው 6.51 ይሆናል፤ ወዲያው ይያዛል። 16,712 ብትሉም 6.73 ስለሚሆን ይያዛል። 16,777 ብትሉ ግን አሁንም 6.75 ነው። ምክንያቱም 6.75 የተጠጋጋ ቁጥር ነው፤ ከ16,759 እስከ 16,783 ያለው ሁሉ ሲጠጋጋ 6.75 ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻዋን አሃዝ በመቶው አያድናትም፤ እሷን የሚያድናት ዓይንና የሁለት ሰው ንባብ ብቻ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ፈተና አለ። ቁጥሩ ጨርሶ ባይታይ ኖሮ 248,464ን በ6.75 በመቶ አባዝቶ ማግኘት ያጓጓል። ውጤቱ 16,771 ነው። አንድ ሰው ጎደለ! ለደራ ንጽጽር ይህ ምንም አይለውጥ ይሆናል፤ ነገር ግን 16,771 ከቆጠራ የመጣ መስሎ ሰንጠረዡ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አይለየውም። እንዲህ ያለውን ሴል ቀለም ቀቡትና አጠገቡ «ከበመቶው የተሰላ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ተነብቦ የተተየበውን ነጭ፣ ተሰልቶ የተሞላውን ቢጫ አድርጌ ነው የምለየው።

ሌላ ጥቂት የምጠነቀቅበት ነገር ዜሮ ነው። በዜሮ ፈንታ የእንግሊዝኛው ፊደል O ከገባ ኤክሴል ሴሉን እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ቁጥር በሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ስትመለከቱ ወደ ግራ ያፈነገጠ ካለ እሱን ያዙ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጓደኛዬ የደነገጠው የሌሎቹ ወረዳዎች ረድፎች ከምስሉ ውጭ በመቅረታቸው ነበር። እሱ የጠየቀው ግን ደራን ከቀረው ዞን ጋር ማወዳደር ነው፤ የቀረው ዞን ደግሞ ዞኑ ሲቀነስ ደራ ነው። ወንድ 914,100፣ ሴት 889,174፣ ድምር 1,803,274። ይህ ድምር በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወንድና ሴትን በመደመር፣ ወይም ከ2,051,738 ላይ 248,464ን በመቀነስ። ሁለቱም አንድ ሆኑ። የከተማ ነዋሪው 195,619 ሲቀነስ 16,772፣ 178,847 ነው። ለ1,803,274 ሲካፈል 9.92 በመቶ።

የጠፋው ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ጓደኛዬ ደራን ሲያወዳድር የነበረው ከ9.53 ጋር ነበር። 9.53 የመላው ዞን ነው፤ ደራ ራሷ ውስጡ አለች። ደራ ስትወጣ የቀረው ከፍ ይላል። እንደገና ባንተይብ ኖሮ ይህን ባላየነው ነበር። ይህን ስነግረው «እንዴ፣ ልዩነቱ ሰፋ ማለት ነው» አለና ዝም አለ።

የቀረን አንድ ነገር ነው። የእነዚህ ቁጥሮች መስማማት ከምስሉ ጋር መስማማት ነው፤ ከቆጠራው ጋር አይደለም። ጓደኛዬ መጀመሪያ ከሪፖርቱ ሲገለብጥ የሴቶቹን ቁጥር ተሳስቶ፣ ድምሩንም በፎርሙላ አስልቶት ከነበረ፣ ምስሉ ያንን ስህተት ተስማምቶ ይዞት ይቀመጣል። ስለዚህ ስድስቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከትቷል፤ ሪፖርቱ ላይ የሚያመሳክራቸው እነሱን ነው። እግረ መንገዱንም ምስሉ ላይ ያልነበረውን ይፈልጋል፤ ከ16,772ቱ ስንቱ አንበሳሜ፣ ስንቱ ሐሙሲት እንደነበሩ።