ካርዱ ሲያበቃ ልገሳው እንዳይቆም
በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ለታካሚ ቤተሰቦች የሕክምና ሂሳብ አይልክም። አብዛኛውን ወጪ የሚሸፍኑት ለጋሾች ናቸው።

እንዲህ ያለ ፈንድ ወርሃዊ ለጋሹን የሚያጣው ሰውየው ስለጨከነ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ካርዱ ጊዜ አልፎበትም ሊሆን ይችላል። ባንኩ ክፍያውን ሲመልስ ለጋሹ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የምስጋናውና የእድሳቱ መልእክት ካርዱ ከማብቃቱ አንድ ወር ቀድሞ ቢደርስ ይሻላል።

በወር 20 ዶላር ለሚሰጥ ሰው ይህ ይበቃል፦ «ባለፈው ዓመት 240 ዶላር ሰጥተውናል፤ እናመሰግናለን። ካርድዎ በመጪው ወር ያበቃል፤ እባክዎ አዲሱን ያስመዝግቡልን።» «አንድ ሕፃን አዳኑ» ማለት ግን ማጋነን ነው፤ ገንዘቡ ከሌሎች ለጋሾች ገንዘብ ጋር ተደባልቋል።

የካርድ ቁጥር በኢሜይል እንዲላክ የሚጠይቅ መልእክት ከደረስዎ አይመልሱ፤ በሆስፒታሉ በሚታወቀው ስልክ ደውለው ያጣሩ።